ከፍለናል፤ ታዲያ መብራታችንን ለምን ሊቆርጡ ነው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቻችንና ከእናቴ ጋር ነን። ኦክቶበር 15 ቀን ከመብራት ኩባንያው ደብዳቤ መጣ። 96.40 ዶላር ካልከፈላችሁ ከኦክቶበር 29 ጀምሮ መብራታችሁን እንቆርጣለን ይላል። ይህ የሴፕቴምበር ቢል ነው። ባለቤቴ ሴፕቴምበር 14 ከፍያለሁ ብሎ በባንኩ አፕ አሳየኝ። የኦክቶበሩንም 118.15 ዶላር ኦክቶበር 10 ከፍሏል። በኦክቶበሩ ቢል ላይ ያለፈው ወር ተደምሮ 214.55 ይል ነበር። እሱ ግን «ገንዘቡ ዘግይቶ ነው፣ ይገባል» ብሎ ተወው።

እውነቱን ልናገርና ባለቤቴን ጠረጠርኩት። አገር ቤት ላሉ ወንድሞቹ አዘውትሮ ይልካል። በእናቴ ፊት ጮኽኩበት። ከዚያ ወዲህ አኩርፎኛል፤ ባንክ ደውዬ ክፍያውን አስመልሳለሁ እያለ ነው። እናቴ ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊኗ ፍሪጅ ውስጥ ነው። እኔ የምሠራው ማታ ስለሆነ ቀን ስልክ ላይ ቆሜ ለመጠበቅ አቅሙ የለኝም፤ እንግሊዝኛዬም ለክርክር አይበቃም። በኦገስት እዚያው ግቢ ውስጥ ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ታችኛው ስለተዛወርን ብዙ ወጪ ነበረብን። አሁን እጃችን ላይ ያለው 300 ዶላር ገደማ ነው፤ ኪራይም እየደረሰ ነው። ደግመን እንክፈል? ከቆረጡብንስ በስንት ጊዜ ይቀጥሉልናል?

እንቅልፍ ያጣሁት

መልስ

እህቴ ሆይ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ያየሁት ጭንቀትሽን ነው። በሁለተኛው ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር አስቆመችኝ። በኦገስት ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ታች ተዛውረናል ያልሽው። አንቺ የጻፍሽው ስለ ወጪ ለመንገር ነው። እኔ ግን የነገሩ ሥር እዚያ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አስባለሁ።

ምክንያቴን ልንገርሽ። ሰው ቤት ሲቀይር፣ በዚያው ግቢም ቢሆን፣ ብዙ ጊዜ የመብራት አካውንቱ ይቀየራል። የድሮው ይዘጋል፤ ለአዲሱ ቤት አዲስ ቁጥር ይከፈታል። የኩባንያው ስም ያው ነው፣ የእናንተም ስም ያው ነው፣ የመንገዱ አድራሻ እንኳ ከቤት ቁጥሩ በቀር ያው ነው። ስለዚህ ማንም ልብ አይለውም። የባንኩ አፕ ደግሞ አንድ ጊዜ የተመዘገበለትን የአካውንት ቁጥር አይረሳም። ባለቤትሽ የኩባንያውን ስም ነክቶ፣ መጠኑን ጽፎ፣ ላክ ሲለው አፑ ገንዘቡን ከድሮው ቁጥር ጋር ላከው። ኩባንያው ተቀበለ፣ በድሮው አካውንት ላይም መዘገበው። አዲሱ አካውንት ግን ከኦገስት ጀምሮ አንድም ሳንቲም አልገባለትም። ለዚህ ነው በአንድ በኩል «ተከፍሏል»፣ በሌላ በኩል «አልተከፈለም» የሚነበበው።

ይህ ግምት ነው። ለማረጋገጥ ግን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለማንም መደወል አያስፈልገውም። የመቁረጫ ማስታወቂያውን ያዢ። ከላይ በኩል የአካውንት ቁጥር ታገኛለሽ። ባለቤትሽ ደግሞ የባንኩን አፕ ይክፈትና የሴፕቴምበር 14ቱን ክፍያ ይንካው። በዝርዝሩ ውስጥ የተላከበት የአካውንት ቁጥር፣ ቢያንስ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች፣ ይታያሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስተያዩ። ካልገጠሙ መልሱ ተገኘ። በኦገስት ወይም ከዚያ በፊት የመጣ የድሮ ቢል ካላችሁ እሱንም አውጡት፤ የአፑ ቁጥር ከእሱ ጋር ይገጥማል።

እዚህ ላይ ስለ ባለቤትሽ አንድ ነገር ልበል። እሱ ከፍያለሁ ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል። ወረቀቱም አልተከፈለም ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል። አንቺም ወረቀቱን አይተሽ ብትደነግጪ አይፈረድብሽም። እናትሽን በጨለማ ቤት ማሰብ ቀላል አይደለም። ግን ልጠይቅሽ፦ ያንን ቀን ያስጮኸሽ የ96 ዶላሩ ነገር ብቻ ነበር? ወይስ ወደ አገር ቤት ስለሚላከው ገንዘብ ቀድሞም በልብሽ የያዝሽው ነገር አለ? ካለ እሱን ሌላ ቀን፣ ለብቻችሁ፣ ረጋ ብላችሁ ተነጋገሩበት። የመብራቱን ቢል ለዚያ ማስረጃ አድርገሽ አታምጪበት፤ ምናልባት ማስረጃው የሚመሰክረው ለእሱ ይሆናል። ለዛሬ ግን በእናትሽ ፊት የተነገረው በእናትሽ ፊት ቢስተካከል ደግ ነው። «ቁጥሩን አብረን እንየው፤ ቸኩዬ ነበር» ብትይው ይበቃል።

ይህን የምለው ለሰላማችሁ ብቻ አይደለም። ያለ እሱ ስልኩም አይሠራልሽም። አካውንቱ በማን ስም ነው? በእሱ ስም ከሆነ የኩባንያው ሠራተኛ ስለ ክፍያው አንቺን አያነጋግርሽም። እሱ ራሱ መስመር ላይ ገብቶ ማንነቱን ማረጋገጥ አለበት። ያኔውኑ «ባለቤቴም ስለ አካውንቱ መነጋገር ትችላለች ብላችሁ መዝግቡልኝ» ይበላቸው። ከዚያ በኋላ አንቺ ብቻሽን መደወል ትችያለሽ። ስለ እንግሊዝኛው አትጨነቂ፤ መስመሩ እንደተነሳ «አማርኛ ኢንተርፕሪተር» በያቸው። አስተርጓሚ በስልክ ሲያገናኙ ትንሽ ያስጠብቃል፣ ግን ስለ ገንዘብ ስትከራከሪ የገባሽ ቋንቋ ይሻላል። የምትደውይው ደግሞ በቢሉ ላይ ባለው ቁጥር ብቻ ነው። «በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንቆርጣለን፣ በዜል ወይም በጊፍት ካርድ ክፈሉ» የሚል ስልክ ከመጣ ዝጊው፤ ሌባ ነው።

አሁን ወደ ስልኩ ወሬ እንምጣ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ደውሎ «እኔ ከፍያለሁ» ይላል። ሠራተኛዋ አዲሱን አካውንት ከፍታ ታያለች፤ ምንም ክፍያ የለም። «አልገባልንም» ትላለች። እሱም ይቆጣል፣ እሷም ያንኑ ትደግማለች፣ ስልኩ ይዘጋል። ሁለቱም የሚያዩት የተለያየ ገጽ ነው። እናንተ ግን እንዲህ በሉ፦ «በኦገስት ቤት ቀይረናል። ሁለት ክፍያ በድሮው አካውንት የገባ ይመስለናል። የድሮው ቁጥር ይኸው። እሱን ክፈቺና እዪልን።» ይህች አንዲት ጥያቄ የአንድ ሰዓት ክርክር ታስቀራለች።

ገንዘቡ እዚያ ከተገኘ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛው ገንዘቡ ወደ አዲሱ አካውንት እንዲዛወር ነው፤ «ትራንስፈር» ይሉታል። ሁለተኛው እስኪዛወር ድረስ የመቁረጫው ትእዛዝ እንዲታገድ ነው። «ሆልድ አድርጉልን» በሏቸው፣ እስከ ስንት ቀን እንደሚቆይም ጠይቁ። ይህን መዝለል አደገኛ ነው፤ ዝውውሩ ቀናት ሊወስድ ይችላል፣ የመቁረጫው ዝርዝር ደግሞ ዝውውሩን ቆሞ አይጠብቅም። ሦስተኛው የጉዳዩ መከታተያ ቁጥርና የሠራተኛዋ ስም ነው። ቀኑንና ሰዓቱን ጨምራችሁ ጻፉት። ከተቻለ እገዳው በኢሜይል ይላክላችሁ። ነገ ሌላ ሠራተኛ ሲያነሳ የትናንቱን አያውቅም፤ ያ ቁጥር ግን ይነግረዋል።

ስለ ሒሳቡ አስቀድሜ ላዘጋጅሽ፣ ኋላ ሌላ ድንጋጤ እንዳይሆንብሽ። ከድሮው ቤት ስትወጡ ለመጨረሻዎቹ የኦገስት ቀናት የመዝጊያ ቢል ወጥቶ ነበር። እሱን መክፈላችሁን ታስታውሻለሽ? በደብዳቤሽ አላነሳሽውም። ካልተከፈለ፣ ለምሳሌ 38.75 ዶላር ነበር እንበል። የሴፕቴምበሩ 96.40 ድሮው አካውንት ላይ ሲገባ መጀመሪያ ያንን ዕዳ ዘጋ፤ 57.65 ተረፈ። የኦክቶበሩ 118.15 ሲጨመርበት 175.80 ሆነ። ወደ አዲሱ የሚዛወረው ይኸው 175.80 ነው። አዲሱ አካውንት የሚፈልገው ደግሞ 214.55 ነው። ስለዚህ ሁሉም ተስተካክሎ 38.75 ዶላር ትከፍላላችሁ። ይህ አዲስ ዕዳ አይደለም፤ የድሮው ቤት መዝጊያ ነው። ዋናው ነገር ማስታወቂያው የጠየቀው 96.40 ከነሙሉው መሸፈኑ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ይፈጠራል። በተዘጋ አካውንት ላይ ትርፍ ገንዘብ ሲገኝ ኩባንያው ቼክ ጽፎ ሊመልስ ይችላል። ያ ቼክ የሚሄደው በመዝገብ ላይ ወዳለው አድራሻ ነው፤ ምናልባትም ወደ ሦስተኛው ፎቅ ቤት። ስለዚህ «የተመለሰ ቼክ ወጥቷል?» ብላችሁ ጠይቁ። ወጥቶ ከሆነ ያንን ገንዘብ ማዛወር አይቻልም፤ ቼኩ ታግዶ እንደገና መጻፍ አለበት፣ ይህም ይዘገያል። አሁን እዚያ የሚኖሩትን ጎረቤቶች ደብዳቤ መጥቶላችሁ እንደሆነ ጠይቋቸው። በአንድ ግቢ ስለሆናችሁ ይህ እንኳ ቀላል ነው።

የአካውንት ቁጥሮቹ ገጥመው ከተገኙስ? ያኔ ግምቴ ስህተት ነው፤ ገንዘቡ በመንገድ ላይ የሆነ ቦታ ቆሟል ማለት ነው። አፑ «ተከፍሏል» ሲል ባንኩ ገንዘቡን አወጣ ማለቱ ነው፤ ኩባንያው ተቀብሎ በስማችሁ መዘገበ ማለቱ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ባንኩ ገንዘቡን በኤሌክትሮኒክ መንገድ አይልክም፤ የወረቀት ቼክ አትሞ በፖስታ ይልካል። እኔ አዲስ አበባን ለቅቄ እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ይኸው ደርሶብኛል። አፑን አምኜ ተቀመጥኩ፤ ቼኩ ግን ፖስታ ቤት ውስጥ ነበር። ስለዚህ ባለቤትሽ ባንኩን ይጠይቅ፦ በምን መንገድ ተላከ? ቼክ ከሆነ ቁጥሩ ስንት ነው፣ ተመንዝሯል ወይ? ተመንዝሮ ከሆነ የፊትና የጀርባ ምስሉን ይስጡት። በኤሌክትሮኒክ ከሆነ የመከታተያ ቁጥሩን ይስጡት። ያንን ይዛችሁ ኩባንያውን «ፔይመንት ኢንቬስቲጌሽን» ክፈቱልን በሉ፤ የጠፋ ክፍያ ፍለጋ ማለት ነው። ሲጠየቁ ማስረጃ የሚልኩበትን ኢሜይል ወይም ገጽ ይነግሯችኋል። ከባንክ የሚላከው መረጃ ቀኑን፣ መጠኑን፣ የተቀባዩን ስምና የአካውንት ቁጥሩን የያዘ ይሁን። የሒሳብ ቀሪ ብቻ የሚያሳይ ፎቶ አይጠቅምም።

ባለቤትሽ ክፍያውን ከባንክ ላስመልስ ማለቱን ግን አጥብቀሽ አስቁሚልኝ። አሁን አታስመልሱ። ገንዘቡ በድሮው አካውንት ላይ ተመዝግቦ ከሆነ ባንኩ ሲስበው እንደ ተመለሰ ክፍያ ይቆጠራል። በዚያ ላይ የቅጣት ክፍያ ሊጨምሩ ይችላሉ። አንዳንድ ኩባንያ ከዚያ በኋላ ከባንክ አካውንት ክፍያ አልቀበልም ይላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ደግሞ የመቁረጫው ቀን ይደርሳል። ገንዘቡ የት እንዳለ ሳይታወቅ አታንቀሳቅሱት።

ደግመን እንክፈል ወይ ላልሽው፣ ዛሬ አይደለም። ከጻፍሽልኝ ቀን እስከ 29ኛው ጊዜ አለሽ። በሜሪላንድ ደንብ ማስታወቂያው ቢያንስ 14 ቀን ቀድሞ መላክ ያለበት ሰው እንዲህ ያለውን ነገር እንዲያስተካክል ነው። ያንን ጊዜ ተጠቀሙበት። ግን እስከ 26ኛው ወይም 27ኛው ድረስ ገንዘቡም ካልተዛወረ፣ እገዳም ካልተሰጣችሁ፣ ያኔ 96.40ዋን ብቻ ክፈሉ። ሙሉውን 214.55 አትክፈሉ። መቁረጫው የተጻፈው በ96.40 ላይ ነው። ከ300 ዶላሩ ላይ ሁለት መቶ ያህሉ ይቀርላችኋል፤ የኦክቶበሩ ክርክር ይቀጥላል።

ይህ ገንዘብ አይጠፋባችሁም። በላይኛው ምሳሌ ብንሄድ፣ 96.40 ደግማችሁ ከፍላችሁ 175.80ው ቆይቶ ሲዛወር 57.65 ትርፍ ይኖራችኋል፤ ለሚቀጥለው ወር ቢል ይሆናል። ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ኪራይ እየደረሰ ነው። ነገር ግን መብራቱ ተቆርጦ ማስቀጠያ ከመክፈል ይቀላል።

ከከፈላችሁ ደግሞ በባንኩ አፕ እንዳታደርጉት። ሌላ ሦስት ቀን በአየር ላይ ይቆያል። ቢሉ ላይ ኩባንያው የፈቀዳቸው የመክፈያ ሱቆች ተጽፈው ይገኛሉ፤ ግሮሰሪ ወይም ፋርማሲ ውስጥ ናቸው። አዲሱን ቢል ይዘሽ ሂጂ፤ ባርኮዱን ስካን አድርገው በጥሬ ይቀበሉሻል፣ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያም ይጠይቁ ይሆናል። ከሱቁ ከመውጣትሽ በፊት በደረሰኙ ላይ የአዲሱ አካውንት ቁጥር መውጣቱን እዪ። በኢንተርኔት ለመክፈል ከፈለግሽም ከኩባንያው የራሱ ድረ ገጽ ውጭ አትክፈይ። በፍለጋ ገጽ ላይ ከላይ የሚወጡ፣ የኩባንያውን ስም የሚጠሩ የሌላ ሰው የመክፈያ ገጾች አሉ። ገንዘቡን ተቀብለው ለኩባንያው የሚያደርሱት ከቀናት በኋላ ነው፤ ክፍያም ይቆርጡበታል። ከከፈልሽ በኋላ ደውለሽ የደረሰኙን ቁጥር ንገሪያቸው፤ «የመቁረጫው ትእዛዝ ተሰርዟል?» ብለሽ ቃላቸውን ስሚ።

ኩባንያው «ምርመራ አንከፍትም፣ ክፈሉ ብቻ» ካለ ከእሱ በላይ የሚሰማ አለ። የሜሪላንድ ፐብሊክ ሰርቪስ ኮሚሽን ይባላል፤ ባልቲሞር ነው ያለው። የመብራትና የጋዝ ኩባንያዎችን የሚቆጣጠር የግዛቱ መሥሪያ ቤት ነው። የተጠቃሚ ጉዳዮች ክፍሉ አቤቱታ በድረ ገጹ ይቀበላል፣ ክፍያ የለውም፣ ጠበቃም አያስፈልግም። መጀመሪያ ከኩባንያው ጋር ሞክረሽ መሆን አለበት፤ ለዚህ ነው ያ መከታተያ ቁጥር የሚጠቅመው። አቤቱታሽ አጭር ይሁን፦ መቼ ቤት እንደቀየራችሁ፣ መቼ ስንት እንደከፈላችሁ፣ ለማን ደውላችሁ ምን እንደተባላችሁ። ማስታወቂያውንና የባንኩን ማስረጃ አያይዢ። ኮሚሽኑ የሚመረምረውን ገንዘብ ምክንያት አድርገው በዚያ መሃል እንዳይቆርጡ ጠይቂ። ያልተከራከርሽበትን ቢል ግን በጊዜው መክፈል ይኖርብሻል፤ ክርክሩ የኖቬምበርን ቢል አያስቀርም።

ስለ እናትሽ ዛሬውኑ ማድረግ ያለብሽ አንድ ነገር አለ። ለሐኪሟ ደውዪ። በቤቱ ውስጥ ጽኑ ሕመም ያለበት ሰው ካለና መብራት መቆረጡ ሕመሙን እንደሚያባብስ ሐኪም ከመሰከረ፣ በሜሪላንድ መቁረጡ እስከ 30 ቀን ሊዘገይ ይችላል። ቅጹን ኩባንያው ይሰጣል፤ ሐኪሙ ሞልቶ ይልካል። የእናትሽ ሁኔታ ለዚህ ይበቃ እንደሆነ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ዕዳውን አይሰርዝም፤ ጊዜ ይገዛልሻል እንጂ። ክሊኒኮች ቅጽ ለመሙላት ቀናት ስለሚወስዱ 28ኛውን አትጠብቂ።

ኢንሱሊኗን በተመለከተ ትንሽ ልትረጋጊ ትችያለሽ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ካልተከፈተ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ብዙዎቹ የኢንሱሊን ዓይነቶች ደግሞ ከፍሪጅ ወጥተው፣ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በሆነ ክፍል፣ 28 ቀን ያህል ይቆያሉ። ቀኑ እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ በካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አንብቢ ወይም ፋርማሲስቷን ጠይቂ። በበረዶ ላይ በቀጥታ አታስቀምጪው፤ ቀዝቃዛ ቦታ ይሻለዋል፣ በረዶ ከሠራ ግን ይበላሻል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቢቆርጡስ? እንዲያም ሆኖ ማስቀጠሉ የሰዓታት እንጂ የሳምንታት ነገር መሆን የለበትም። በመጀመሪያ ከቤትሽ ውጭ መብራት የጠፋበት ጎረቤት እንዳለ እዪ። ካለ መቆረጥ ላይሆን ይችላል። የእናንተ ብቻ ከሆነ ወዲያው ደውዪና ሁለት ነገር ጠይቂ፦ «ለመቀጠል በትክክል ስንት መክፈል አለብኝ?» እና «በርቀት ትቀጥላላችሁ ወይስ ሰው ትልካላችሁ?» መጀመሪያው የሚያስፈልገው አንዳንዴ ሰው ዕዳውን ብቻ ከፍሎ ማስቀጠያውን ሳይከፍል ስለሚቀር ነው፤ ትእዛዙም አይወጣም። ወይም ደግሞ የማስቀጠያው ክፍያ በሚቀጥለው ቢል ላይ ይደመር ይሆናል፤ ይህን ይንገሩሽ። ስንት እንደሆነ በኮሚሽኑ በጸደቀው የኩባንያው ታሪፍ ላይ የተጻፈ ስለሆነ ሠራተኛው ከራሱ አይጠራም።

ቆጣሪያችሁ ስማርት ሜትር ከሆነ ከቢሮ ሆነው ይቀጥሉታል። ክፍያው ከተመዘገበ በኋላ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይመጣል። ከዚያ በፊት ምድጃውን፣ ካውያውንና ማሞቂያውን አጥፊ፤ ማንም ሳያይ መብራቱ ሲመጣ እሳት እንዳይነሳ። መጣ ከተባለና ቤቱ አሁንም ጨለማ ከሆነ ዋናውን ብሬከር አጥፍተሽ መልሰሽ አብሪው። ሰው የሚልኩ ከሆነ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። በአፓርትመንት ግቢ ቆጣሪዎቹ ብዙ ጊዜ የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ቁልፉ ያለው ግቢውን የሚያስተዳድረው ቢሮ ነው። ሠራተኛው መጥቶ በር ተዘግቶ ካገኘው ይመለሳል፣ አንድ ቀን ይባክናል። ስለዚህ ኩባንያውን እንደጨረስሽ ለግቢው ቢሮ ደውዪ። በስልክ ለመገኘት የባለቤትሽን ቁጥር ስጫቸው፤ አንቺ ከሥራ ገብተሽ ተኝተሽ ይሆናል።

ስለ ማስቀጠያው ክፍያ ምሕረት መጠየቅ ትችያለሽ። ልኩን ግን እወቂ። ትክክለኛውን ቁጥር ጽፋችሁ ልካችሁ ኩባንያው ራሱ በስህተት ሌላ ቦታ መዝግቦት ከሆነ፣ ወይም እገዳ ሰጥቶ እያለ ከቆረጠ፣ እንዲመለስ አጥብቀሽ ጠይቂ፤ እምቢ ካሉ በኮሚሽኑ አቤቱታ ላይ ጨምሪው። ቁጥሩ በእናንተ አፕ ላይ ሳይቀየር ቀርቶ ከሆነ ግን ስህተቱ የእናንተ ነው። ያኔ መብት አድርገሽ ሳይሆን ታሪኩን በቅንነት ነግረሽ ጠይቂ፦ «ገንዘቡ እናንተው ዘንድ ነበር፣ በጊዜውም ነው የተከፈለው።» የዘገየ ክፍያ ቅጣቱን በዚህ ምክንያት የሚሰርዙ ሠራተኞች አሉ። የመጀመሪያዋ እምቢ ካለች ሱፐርቫይዘር ጠይቂ።

የኪራዩ ነገር በጣም ካጠበባችሁ የሜሪላንድ የቤት ኢነርጂ ዕርዳታ ቢሮ አለ፤ ገቢያችሁ ከመጠኑ በታች ከሆነ ለመብራት ቢል ያግዛል። ወደ 211 ብትደውዪ ለእናንተ አካባቢ የትኛው ቢሮ እንደሆነ ይነግሩሻል። ማመልከቻው ጊዜ ስለሚወስድ ከዚህኛው ማስታወቂያ ላያድናችሁ ይችላል፤ ለክረምቱ ግን ይደርሳል።

ነገሩ ሲያልቅ ባለቤትሽ የድሮውን ቁጥር ከአፑ ላይ ይሰርዘው። ማስተካከል ሳይሆን ይሰርዘው፤ ከዚያ ከአዲሱ ቢል እያየ እንደ አዲስ ይመዝግበው፣ አንቺም አጠገቡ ሆነሽ አሃዙን አንብቢለት። ጋዝና ኢንተርኔትም በዚያው አፕ የምትከፍሉ ከሆነ የእነሱንም ቁጥር እዩ፤ በኦገስት እነሱም ተቀይረው ይሆናል።

ለዛሬ ማታ ግን ከሥራ በፊት ያቺን የአምስት ደቂቃ ሥራ ብቻ ጨርሱ። አራቱ አሃዞች ገጠሙ ወይስ አልገጠሙም፣ ጻፊልኝ።